የዱቤ አፔ በማሽን አማርኛ ተተርጉሞ «ግልጽ» የሚል በተን አመጣ፤ ልጫነው ወይስ ልተወው?

የሱቁ ልጅ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ጀመዓ። የሱቄን የዱቤ መዝገብ የምይዘው በስልክ አፕ ነው። ሰሞኑን ራሱን አፕዴት አደረገና ሁሉም ነገር አማርኛ ሆነ። አማርኛው ግን ግራ ያጋባል። አንድ ደንበኛ ስከፍት ከላይ «ሚዛን 1,850» ይላል፤ ከታች «ግልጽ»፣ «ቅርብ» እና «አድን» የሚሉ ሦስት በተኖች አሉ። የሰው ዕዳ እንዳይጠፋብኝ ምንም አልነካሁም። የትኛው ምን እንደሚሠራ ሳይጫኑ ማወቅ ይቻላል?

ሰኞ ገበያ

ሚዛኑን በብሉቱዝ ነው የምታገናኘው። መጀመሪያ ሚዛኑን አብራ፣ ከዚያ ከስልክህ ፈልገው። አንዳንዱ ዲጂታል ሚዛን ግን ብሉቱዝ የለውም፤ የትኛውን እንደገዛህ ንገረን።

የሱቁ ልጅ

ኧረ ሚዛን የለኝም ወንድሜ! 1,850ው ደንበኛው ያለበት ዱቤ ነው፣ በብር።

ሀያት ከደሴ

ቀላል ነው። አማርኛውን መልሰህ በተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ቀይረው፣ ዋናው ቃል ይወጣልሃል። «ግልጽ» ክሊር ነው። «አድን» ሴቭ ነው፣ ሰው ከአደጋ እንደማዳን አድርጎ ተርጉሞት ነው። ክሊር ማለት ደግሞ ማጥፋት ስለሆነ እንዳትነካው።

ጦሳ ስር

ሀያት ግማሹን አግኝታዋለች። ቃሉ ክሊር ነው። ግን ምኑን ነው የሚያጠፋው? እኔ ደሴ ውስጥ እንዲህ ያሉ አፖች ስለምሠራ ከጀርባው ያለውን ላሳያችሁ። አፕ ላይ የምታዩዋቸው ቃላት ለብቻቸው በአንድ ፋይል ተደርድረው ነው የሚቀመጡት፦

```
<string name="search_clear">Clear</string>
<string name="form_clear">Clear</string>
<string name="debt_clear">Clear</string>
```

ሦስቱም አንድ ቃል ናቸው፣ ሥራቸው ግን አይገናኝም። የመጀመሪያው መፈለጊያው ላይ የጻፍከውን ያነሳል፣ ሁለተኛው ፎርም ላይ የሞላኸውን ባዶ ያደርጋል፣ ሦስተኛው ዕዳ ይዘጋል። በግራ ያለውን ስም የሚያየው ፕሮግራመሩ ነው። ለማሽኑ ብዙ ጊዜ የሚላክለት በቀኝ ያለችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ገጹን አላየም፣ ነገሩ የዱቤ እንደሆነም አያውቅም፣ ስለዚህ ከቃሉ ትርጉሞች አንዱን መርጦ ያልፋል። «ሚዛን» ባላንስ ነው፣ ቀሪ ሒሳብ ማለቱ ነው። «ቅርብ» ደግሞ ክሎዝ፣ ገጹን ዝጋ ለማለት።

አብሽር፣ አሁን ቃሉን ተወውና በተኑ መቼ እንደሚበራ፣ መቼ እንደሚደበዝዝ እይ። ዱቤ ያለበት አንድ ደንበኛ ክፈት፣ ምንም አትጻፍ። ውጣና ዱቤውን ከፍሎ የጨረሰ ሌላ ደንበኛ ክፈት። «ግልጽ» ባለዕዳው ላይ በርቶ፣ ዜሮ የሆነው ላይ ከደበዘዘ ሥራው ከዕዳው ጋር ነው። ሁለቱም ላይ ደብዝዞ፣ ማስታወሻ ቦታው ላይ አንድ ፊደል ስትጽፍ ብቻ ከበራ ግን የጻፍከውን ማጽጃ ነው፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። «አድን»ንም በዚሁ ፈትነው፤ ስትጽፍ የሚበራ ከሆነ ሴቭ ነው። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንዱንም በተን አልተጫንክም ማለት ነው። ሁሌም የሚበራ በተን ከሆነ ግን ይህ ምንም አይነግርህም፤ በርካሽ የተሠሩ አፖች ላይ ይህ አለ።

ሌላ ነገር፣ አንድሮይድህ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ፣ ቋንቋ የሚለው ስር፣ ለየአፑ ቋንቋ መምረጫ አለ። የአፑ ሠሪ ካልፈቀደው ግን ዝርዝሩ ላይ አይወጣም።

የሱቁ ልጅ

ዝርዝሩ ላይ የለም። በተኑን ግን አየሁት። ባለዕዳው ላይ በርቷል፣ ቀይ ነው። ዕዳ የሌለበት ላይ ደብዝዟል። «አድን» ስጽፍ ነው የሚበራው።

ጦሳ ስር

እንግዲያው የዕዳ ነው። ቀዩም ያንኑ ይናገራል፤ የማይመለስ ነገርን ቀይ ማድረግ የተለመደ ነው።

ሸዋ በር

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ የኔም ተመሳሳይ ነው። ፎቶ ላጠፋ ስል «ይህን ፎቶ መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ይልና ከስር «ሰርዝ» እና «ሰርዝ» ይላል። ሁለቱም ሰርዝ! ማን ከማን ይለያል?

ጦሳ ስር

አንዱ ዲሊት፣ አንዱ ካንስል ነው። ሁለቱም አማርኛ ላይ «ሰርዝ» ሆነው ቁጭ አሉ። አንድሮይድ ላይ በተለመደው አሠራር የሚፈጽመው በቀኝ፣ የሚተወው ከሱ በስተግራ ነው። ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ከሆነ ግን ይገለበጣል፤ መተዉ በቀኝ ይሆናል። ስለዚህ በቦታ ብቻ አትተማመን። ከጠረጠርክ ሁለቱንም ተዋቸውና የስልኩን መመለሻ ተጫን፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይፈጽም ይወጣል።

የሱቁ ልጅም ይህን ያዝ። «ግልጽ»ን ስትነካ መጠየቂያ ሳጥን ከመጣ ዓረፍተ ነገሩን አንብብ። ማሽን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ላይ ከአንድ ቃል ይልቅ ይሻላል። ደግሞም ቁጥርና የሰው ስም አይተረጎምም፤ 1,850 ሳጥኑ ውስጥ ካየህ የሚነካው ያንን ነው። ግን በእውነተኛ ደንበኛ አትሞክር። መጀመሪያ ባክአፕ አድርግ፣ ከዚያ «ሙከራ» የሚባል ደንበኛ ክፈትና 50 ብር ዱቤ መዝግብበት። ስልክ ቁጥር ከጠየቀህ የራስህን ስጥ፤ አንዳንዱ አፕ ዕዳ ሲዘጋ ለደንበኛው መልእክት ይልካል።

ሀያት ከደሴ

እና ያው ማጥፋት ነው አላልኩም? 😄

ጦሳ ስር

ይለያያል እህቴ። ዕዳው «ተከፍሏል» ተብሎ ሲዘጋ ታሪኩ ይቀራል። መዝገቡ ሲጠፋ ሰውየው መውሰዱም መክፈሉም አይታወቅም። በዱቤ የሚሠራ ባለሱቅ ይህን ነው ማየት ያለበት፦ ከተጫነ በኋላ ከታች ያለው ዝርዝር ባዶ ሆነ ወይስ አዲስ መስመር ተጨመረበት?

የሱቁ ልጅ

ሞከርኩት። ሳጥኑ ላይ 50 የሚል ቁጥር አለ። ተጫንኩ፣ ሚዛኑ ዜሮ ሆነ። ዱቤው ዝርዝሩ ላይ አልጠፋም፤ ከሱ ስር «ሰፈራ -50» የሚል አዲስ መስመር መጣ። ሰፈራ ደግሞ ምንድን ነው?

ሸዋ በር

ለወሎ ሰው ሰፈራ ይባላል እንዴ? አባቴ ቢያየው የ1977ቱን ነው የሚያስታውሰው።

ጦሳ ስር

ሴትልመንት ነው፣ ሒሳብ መዝጋት ለማለት። ሰው ማስፈርም በእንግሊዝኛ ከዚያው ቃል ስለሚመጣ ነው የተምታታው። አጠገቡ ያለው -50 ግን አላሳተህም። ታሪኩ መቅረቱ ጥሩ ነው። አሁን የዛሬን የገቢ ሪፖርት ክፈት፤ 50 ብሩ ገቢ ሆኖ ገብቷል?

የሱቁ ልጅ

አልገባም። የዛሬ ገቢ ላይ የለም።

ሰኞ ገበያ

አሁን ገባኝ ጥያቄው። እንዲህ ከሆነማ ምሬሃለሁ ማለት ነው እንጂ ከፍሏል ማለት አይደለም። በኔ ደብተርም የማይከፍል ሰው ስም ላይ መስመር አሰምርበታለሁ፣ ብር ግን ሳጥን አይገባም።

ጦሳ ስር

ሊሆን ይችላል። ወይም ሪፖርቱ የሚቆጥረው ሽያጭን ብቻ ይሆናል፤ ያኔ የዱቤ ክፍያ በየትኛውም መንገድ ቢመዘገብ እዚያ አይታይም። ከዚህ ሆኜ የቱ እንደሆነ አልልህም። በሙከራው ደንበኛ ላይ ሌላ 50 ብር ዱቤ ጨምርና አሁን በ«ግልጽ» ሳይሆን በመደመር ምልክቱ ገብተህ ክፍያ መዝግብ፣ ከዚያ ሪፖርቱን እይ። ያኛው ገቢ ላይ ከታየ፣ «ግልጽ» ምሕረት ነው፣ ብር ለተቀበልክበት አትጠቀምበት።

የሱቁ ልጅ

የመደመር ምልክቱ ስር ሁለት ነገር ነው ያለው፦ «ሰጠህ» እና «አገኘህ»። ብሩን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ «አገኘህ» ልበል?

ጦሳ ስር

ቃሉን አትመን፤ 10 ብር ጻፍና «ሚዛን» ወደ ላይ ወጣ ወይስ ወረደ እሱን ንገረኝ።