የዝሆኔ ደብዳቤያችን፦ ከመላኩ በፊት የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለዝሆኔ ታካሚዎቻችን ሳሙና፣ ቫዝሊንና በልክ የሚሰፋ ጫማ ለማቅረብ ለዓመቱ መጨረሻ የምንልከው የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤ ረቂቅ ይኸው። ወደ ቦርዱ ከመሄዱ በፊት እዚሁ እንበጣጥሰው። መክፈቻው እንዲህ ይላል፦

«ውድ ወገናችን፣ እርስዎ በሞቀ ቤትዎ ቡናዎን ሲጠጡ፣ በጎጃም ገጠር አንዲት እናት እግሯን ትል እየበላት በሞት አፋፍ ላይ ትገኛለች። 1.5 ሚሊዮን ወገኖቻችን በዚህ አስከፊ በሽታ እያለቁ ነው። በ10 ዶላር ብቻ ነፍሷን ማዳን ይችላሉ። ነገ ፈጣሪ ሲጠይቅዎ ምን ይመልሳሉ?»

የቀረውም በዚሁ ዜማ የሚሄድ ነው። እኔን የከበደኝ ስለ እናትየዋ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ሌላው ሁሉ ስለ አንባቢው ጥፋት ነው። እስቲ በሉ።

ሲስተር (ደብረ ማርቆስ)
ልጀምር። ትል የለም። ሞት አፋፍም የለም። እኛ ጋ ያለው ዝሆኔ፣ ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመኖር የሚመጣ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳው ይገባና ውስጥ ያለውን የፈሳሽ መሄጃ ያቆስለዋል። ከዚያ እግሩ ከታች ወደ ላይ ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰዎቹ አይሞቱበትም፣ አብረውት ያረጃሉ። ከባዱም እሱ ነው፤ ግን «እያለቁ ነው» ከሚለው ጋር አይገናኝም።

የደጀኑ
ሲስተር ይቅርታ፣ እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው ተብዬ ነው። ረቂቁን የጻፈው ሰውም ከዚያ ወስዶት ይሆናል።

ሲስተር (ደብረ ማርቆስ)
ልክ ነህ፣ እሱም አለ። እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላ ቦታዎች። እግሩ ሲያብጥ መልኩ ስለሚመሳሰል በአንድ ስም ይጠራሉ። የእኛ ታካሚዎች ግን ደጋና ወይና ደጋ ናቸው፣ የደጀን ሰዎችን ጨምሮ። «ትል» ብለን ከጻፍን አንባቢው ይተላለፋል ብሎ ያስባል፤ ከዚያ የምንረዳቸውን ሰዎች ይበልጥ አስገለልናቸው ማለት ነው። አሁንም እኮ «የዘር በሽታ ነው» ተብሎ ከቤታቸው ለትዳር ልጅ የማይወሰድባቸው አሉ። አብሮ የሚወለድ ተጋላጭነት እንዳለ በወላይታ የተሠራ ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፣ ስለዚህ ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ግን ያው ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ ኖሮ አይታመምም ነበር። ይህን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ማስረዳት አይቻልም፤ ስለ ዘር ዝም ብንል ይሻላል።

እትዬ (ዳላስ)
የእኔም እናት ሁለቱም እግሯ ያብጣል፣ አዲስ አበባ ነው ያለችው፣ ስኳርና ግፊት አለባት። ያ ሳሙናና ቫዝሊን ለሷም ይሆናል? የት ነው የሚገኘው?

ሲስተር (ደብረ ማርቆስ)
እትዬ፣ የእናትዎ ሌላ ነው። የልብም የኩላሊትም የመድኃኒትም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት። በተለይ ስኳር ካለ እግሯን ማንም በግምት አይነካካ። ከዚህ ውይይት ምንም አይውሰዱላት።

ገንዘብ ያዡ
ጥሩ፣ ትሉ ይውጣ። ግን አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡ። ሰው ካላዘነ እጁን ኪሱ አይከትም። አምና የላክነው ደብዳቤ ከዚህም የባሰ ነበር፣ ገንዘብ ግን አምጥቷል። ካለሳለስነው ለጫማ ሰፊው የሚከፈለው ከየት ይመጣል?

ጸሐፊዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
አምጥቷል፣ እውነት ነው። ግን ዝርዝሩን አንተው ነህ የላክህልኝ። አምና ከሰጡት ብዙዎቹ ዘንድሮ ስልክ ሲደወልላቸው እንኳ አያነሱም። የጥፋተኝነት ስሜት ያስከፈለው ሰው ዕዳውን እንደጨረሰ ነው የሚቆጥረው። እኛ ደግሞ የምንፈልገው በየዓመቱ የሚመለስ ሰው ነው፤ ምክንያቱም ሳሙናው በየዓመቱ ያልቃል።

ጋሽ መምህር (አትላንታ)
ሁለታችሁም ከፊሉን ይዛችኋል። ማዘን ያስፈልጋል፣ ጥያቄው በምን ነው የሚለው ነው። ስሞል፣ ሎወንስታይንና ስሎቪክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ አለ። ለአንዳንዶቹ ስለ ማሊ አንዲት ሕፃን ብቻ ነገሯቸው፣ ለሌሎቹ ስለ ሚሊዮኖች ረሃብ ቁጥር ሰጧቸው። ስለ ልጅቷ ያነበቡት የበለጠ ሰጡ። የሚገርመው ሦስተኛው ቡድን ነው። ልጅቷንም ቁጥሩንም አንድ ላይ ሲያሳዩአቸው የሰጡት ቀነሰ። ስለዚህ 1.5 ሚሊዮኑ ከመክፈቻው ይውጣ። ቁጥሩ ራሱ ችግር የለበትም፣ በአገር አቀፍ ቅኝት የተገመተ ነው። ግን አንባቢው «እኔ ምን ላደርግ ነው» ብሎ ወረቀቱን ያስቀምጣል። ለሚጠይቅ ሰው በድረ ገጻችን ላይ ይኑር።

የደጀኑ
ታዲያ «በ10 ዶላር ነፍሷን ያድኑ» በምን ይተካ? «እግሯን ይፈውሱ» ብንልስ?

ሲስተር (ደብረ ማርቆስ)
አይድንም። እሱን ነው በደንብ ማስረዳት የምፈልገው።

ሕክምናው እንዲህ ነው። በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ። ጥቂት በረኪና ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ። ከዚያ ማድረቅ፤ በተለይ በጣቶቹ መሃል፣ ቆዳው ተጣጥፎ እርጥብ የሚቀርበት ቦታ። እኔ ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ በጣቶቹ መሃል አስገብተው ወዲያና ወዲህ እንዲስቡት ነው የማሳያቸው፣ ፎጣ አይገባም እዚያ። ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲ፣ ጫማ። ገበያ ያለው ጫማ ስለማይገባቸው በልካቸው ይሰፋል። ይኼ ዕድሜ ልክ ነው። ሲያቋርጡ ይመለሳል። የሚያቋርጡትም ሰንፈው አይደለም፤ ወይ ውሃው ሩቅ ነው፣ ወይ ጫማው አልቋል።

አሁን ቁጥሩን ስሙኝ። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ላይ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ወጥቷል፣ ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩበት። ግማሾቹ ሕክምናውን ወዲያው ጀመሩ፣ ግማሾቹ ዓመት ጠብቀው። የተቆጠረው እግሩ የሚግልበት፣ ትኩሳት የሚይዝበት፣ ሰው የሚተኛበት ጊዜ ነው። ከጠበቁት አንድ ሰው በዓመት 24 ጊዜ ያህል ያመዋል። ከታከሙት 19 ጊዜ ያህል።

ገንዘብ ያዡ
ከ24 ወደ 19? ይኼ ነው እንዴ የምንሸጠው? ይቅርታ ሲስተር፣ ግን ይኼን የጻፍን ቀን ሥራችንን ዘጋን።

ሲስተር (ደብረ ማርቆስ)
24 ማለት በወር ሁለቴ ማለት ነው። ከአምስት አንዱን ማስቀረት ለአንተ ትንሽ ነው፣ ሰኔ ላይ ማሳዋን ማረም ላለባት ሴት ትንሽ አይደለም። ደግሞ ቁጥሩ ሽታውን አይቆጥርም። ሽታው መታጠብ እንደጀመሩ ቶሎ ነው የሚቀንሰው። አንዷ ታካሚዬ ለቅሶ ቤት በር ላይ ነበር የምትቀመጠው፣ እግሯን በነጠላ ሸፍና፣ ዝንብ እንዳይከባት። አሁን ከሴቶቹ መሃል ገብታ ትቀመጣለች። እብጠቱ ያው አለ። ትኩሳቱም መጥቷል፣ ባለፈው ወር እንኳን።

ጋሽ መምህር (አትላንታ)
በቃ፣ ደብዳቤው ይኸው ነው። እብጠቱ እንዳለ ሆኖ የለቅሶ ቤቱ መቀመጫ መለወጡ። ይህን ለሚያነብ ኢትዮጵያዊ ለቅሶ ቤት በር ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ጸሐፊዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሞክሬዋለሁ። እዩት፦

«ውድ ወገናችን፣
በምሥራቅ ጎጃም የምትኖር አንዲት እናት አለች። ስሟን አንጽፍም። በልጅነቷ ጫማ አልነበራትም፤ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሯ ስታርም፣ ውሃ ስትቀዳ ኖረች። እግሯ ቀስ በቀስ አበጠ። በወር አንዴም ሁለቴም ትኩሳት ይይዛትና እግሯ ይግላል፤ ያን ጊዜ ለቀናት ከመኝታዋ አትነሳም። ለቅሶ ስትሄድ በር ላይ ትቀመጥ ነበር፣ ሽታው ሰው እንዳይረብሽ።

ነርሷ ያስተማረቻት እግሯን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶቿ መሃል ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በልኳ የተሰፋ ጫማ ማድረግ ነው። ይህ በሽታውን አያጠፋውም። እግሯ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ትኩሳቱም ይመጣል፣ ግን አልፎ አልፎ ይቀርላታል። ሽታው ጠፍቷል። አሁን ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ መሃል ትቀመጣለች።

ሳሙናው ያልቃል፣ ጫማውም ያልቃል። የምንጠይቅዎ ለእሱ ነው። ____ ዶላር የአንድን ሰው የዓመት ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና ጫማ ይሸፍናል። ዘንድሮ ካልተመቸዎ እንረዳለን፤ ስላነበቡልን እናመሰግናለን።»

የደጀኑ
«እንረዳለን» ጥሩ ነው። ግን በረኪናው የታለ?

ጸሐፊዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሆን ብዬ ነው ያወጣሁት። አንድ ሰው መጠኑን ሳያውቅ ቤቱ እንዳይሞክረው። እትዬን አስቤ ነው፣ ይቅርታ እትዬ።

እትዬ (ዳላስ)
ምን ይቅርታ ትያለሽ፣ ልሞክር ነበር እኮ።

ገንዘብ ያዡ
አንብቤዋለሁ፣ ይነካል፣ አልክድም። ሁለት ነገር ግን አለኝ። አንደኛ፣ ባዶ ቦታውን በግምት አልሞላም። የጫማ ሰፊው ዋጋ በዓመት ውስጥ ብዙ ተለዋውጧል፤ አዲሱ ደረሰኝ ሳይደርሰኝ ቁጥር አላስገባም። ሁለተኛ፣ «ለጫማና ለሳሙና» ብለን ከጠየቅን ገንዘቡን ለሌላ ማዋል አንችልም፣ ለሲስተር የትራንስፖርት አበል እንኳ። ስለዚህ «ታካሚዎቹ ጋ ለመድረስ የሚወጣውን ጨምሮ» የሚል ይግባ፣ ከተፈለገው በላይ ከመጣም በዚያው ወረዳ ለሚቀጥሉት ታካሚዎች እንደሚውል ይጻፍ። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚሰጥ ደግሞ ለግብር የሚሆነውን የምስጋና ደብዳቤ እኔ አዘጋጃለሁ።

ጋሽ መምህር (አትላንታ)
የትራንስፖርቱ ዓረፍተ ነገር ደብዳቤውን ትንሽ ያከብደዋል፣ ግን ይግባ። ፎቶውስ? በረቂቁ ላይ ያበጠ እግር ብቻ፣ ያለ ፊት ነበር።

የደጀኑ
እግሩ ካልታየ ማን ያምነናል? ያለ ፎቶ እኮ እንደ ተረት ነው።

ሲስተር (ደብረ ማርቆስ)
ፊት የሌለው እግር ማንም አይፈልግም፣ ባለቤቷም። እጇ ሳሙና ይዛ፣ ሳፋው አጠገብ ተቀምጣ የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ግን እሷ ሳትፈቅድ ምንም አይሆንም። ሐሙስ ወደ ቀበሌዋ እሄዳለሁ። ደብዳቤውን ሙሉውን አነብላታለሁ፣ የለቅሶ ቤቱንም ጭምር፤ ጎረቤት የሚያውቃት በዚያ ነው። አሜሪካ ላሉ ሰዎች እንደሚላክ፣ ኋላም ሐሳቧን ብትቀይር ማስወጣት እንደምትችል እነግራታለሁ። ያንን ክፍል አልፈልግም ካለች ይወጣል።

ገንዘብ ያዡ
እሱ ከወጣ ደብዳቤው ምን ይቀረዋል?

ሲስተር (ደብረ ማርቆስ)
ሌላ ታካሚ እንጠይቃለን። የሦስት ሰው ታሪክ ሰፍተን አንድ ሰው አድርገን ግን አንጽፍም።

ጸሐፊዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ተስማምቻለሁ። ስለ ፎቶው አልተግባባንም፣ ለቦርዱ ሁለት አማራጭ ይዤ እቀርባለሁ፦ ከሳፋው ጋርና ያለ ፎቶ። ሲስተር ከሐሙስ በኋላ ያለችውን ጻፊልኝ። ገንዘብ ያዥ፣ ደረሰኙ እስከ ሰኞ ካልመጣ ጫማ ሰፊው ጋ ራስህ ደውል።