እርምጃ ማሳጠሩ ከዙር አወጣኝ፣ 0.911 ላይ ግን ቆሜያለሁ

ሰላም፣ ከትልቅ ሞዴል ውስጥ ቆርጬ ያወጣኋት ስርዓት ይቺ ናት፦

```
F1 = x³ − x + 2 − y
F2 = x − y
```

መፍትሔዋ አንድ ብቻ ነው፤ x = y ≈ −1.769። ኒውተንን በሙሉ እርምጃ ከ(0, 0) ሳስጀምረው ወደ (1, 1) ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ (0, 0)። እስከ ነገ ብተወው ይኸው ነው። ጃኮቢያኑን በእጄም አስልቼ አረጋግጫለሁ፣ ስህተት የለበትም።

ስለዚህ ‖F‖ እስኪቀንስ ድረስ እርምጃውን በግማሽ በግማሽ ማሳጠር ጀመርኩ። ከ(−0.85, −0.85) ስነሳ በጣም ጠቀመኝ፦ ሙሉው እርምጃ x = −19.3 ላይ ይወረውረኝ ነበር፣ በ1/16 ግን −2 አካባቢ አርፌ ከዚያ ወዲያው መፍትሔው ላይ ደረስኩ።

ከ(0, 0) ስነሳ ግን መዞሩ ቀርቶ ሌላ ችግር መጣ። x = y ≈ 0.8165 ላይ ‖F‖ = 0.911 ሆኖ ይቀራል፤ የጃኮቢያኑ ዲተርሚናንት (2 − 3x²) ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ የማሳጠሪያው λም እየሳሳ ይሄዳል። የገረመኝ እዚያ ነጥብ ላይ JᵀF (0.91, −0.91) ገደማ መሆኑ ነው። ማለትም ‖F‖ን አሁንም መቀነስ ይቻላል፣ የኒውተን አቅጣጫ ግን ከy = x መስመር አይወጣም።

JᵀJ ላይ μI ጨምሬም ሞከርኩ። ከመስመሩ ወጣ፣ ግን (0.816, 1.272) ላይ በ0.644 ቆመ። እዚያ ደግሞ JᵀF እውነትም ዜሮ ነው።

ትልቁ ሞዴል ውስጥ መፍትሔው የት እንዳለ አላውቅም። λ ሲሳሳ፣ ማሳጠሩን ትቼ μI መጨመር ያለብኝን ሁኔታ መነሻውን ራሱን መቀየር ካለብኝ ሁኔታ በየትኛው መለኪያ ልለየው?