በእህቴ ስም የተከፈተውን ሐሰተኛ ገጽ እንዴት ላዘጋው?

ደብረ ብርሃን የምትማረውን የታናሽ እህቴን ስምና ፎቶ ወስዶ አንድ ሰው ገጽ ከፍቷል፤ ለክፍል ጓደኞቿም በእርሷ ስም ስድብ ይልካል። እርሷ ደንግጣ ወዲያው ስላገደችው ገጹ አሁን አይታያትም፤ ሪፖርት ማድረግም አቃታት። ጓደኞቿ «ስድብ» በሚለው ምድብ ተሰብስበው ቢያመለክቱም «ደንብ አልተጣሰም» ተባሉ። የሰው ብዛት የሚረዳ መስሎን ነበር።

ሰውየው ስሙን እየቀያየረ ስለሆነ የገጹን አድራሻ ገልብጫለሁ፤ መልእክቶቹንም ከጓደኞቿ ስልክ ከነቀናቸው በምስል አስቀርቻለሁ። እገዳውን አንስታ፣ «ሌላ ሰው መስሎ የቀረበ» በሚለው ምድብ ራሷ እንድታመለክት ይህን ጻፍኩላት፦

«ይህ ገጽ የእኔ አይደለም። ስሜንና ፎቶዬን ያለፈቃዴ ይጠቀማል፤ በስሜም ለተማሪዎች ስድብ ይልካል። እውነተኛው ገጼ ይህን የላክሁበት ነው። ሐሰተኛው ይዘጋልኝ።»

የአማርኛውን ስድብ በእንግሊዝኛ ተርጉሜ ላያይዘው? መታወቂያ ቢጠይቋትስ የተማሪ መታወቂያዋ ይበቃል?