ዲያዜፓሙን ይዋጠው ወይስ ይቅር?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ባለቤቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ሌሊት ደጋግሞ ስለሚነቃ «እንቅልፍ አጣሁ» ይላል፤ ዛሬ ከሰዓት ግን ገላን አካባቢ መሪ ላይ እንዳለ አንቀላፍቶ ረዳቱ ነው የቀሰቀሰው። ጎረቤታችን የሰጠችውን ዲያዜፓም ዛሬ ማታ ሊውጠው ነው፤ ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወደ አዳማ ይወጣል። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ እንቅልፍ በልማድ የሚመጣ ነው። ከቀትር በኋላ ቡና አይጠጣ፤ የሚነሣበት ሰዓት በበዓል ቀንም አይለወጥ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ከተገላበጠም ተነሥቶ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ባለበት ይቀመጥና እንቅልፉ ሲመጣ ብቻ ወደ አልጋው ይመለስ። እኔ ሁለት ዓመት ተሠቃይቼ የዳንኩት በዚህ ነው።

የሰበታው፦ እኔም ቡናውን ይተው እላለሁ። በረካውን ሳይቀር ጠጥቶ እንቅልፍ ቢያጣ ማን ይገረማል?

ነርሷ፦ የመምህር ምክር ዓይኑ ፈጦ ለሚያድር ሰው ትክክል ነው። የእርስዎ ባለቤት ግን ሲተኛ ወዲያው ይወስደዋል? ያንኮራፋል?

ጠያቂ፦ ገና ትራሱን ሲነካ ይወስደዋል። ማንኮራፋቱማ ከተጋባን ጀምሮ ያለ ነው፤ እኔ የማድረው ልጆቹ ክፍል ነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ይነሣል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል።

የጀሞው፦ ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ነው። አባቴ ቤቱን እያንቀጠቀጡ ሰማንያ ዓመት ኖረዋል።

ነርሷ፦ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ ያደረ ሰው መሪ ላይ አያንቀላፋም። የሚያጠራጥረኝ ተኝቶ ሳለ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ መቋረጡ ነው፤ አየር ሲያጥረው አንጎሉ ይቀሰቅሰዋል፣ እሱም መንቃቱን እንቅልፍ ማጣት ይለዋል። ዲያዜፓም የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፣ ቶሎ እንዳይነቃም ያደርጋል፤ ስለዚህ አይዋጠው፣ አረቄም አይቅመስ። ዛሬ አጠገቡ ሆነው ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ሲል ይቁጠሩ፤ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ቆይቶ እንደታነቀ ሰው ከተነፈሰ በስልክ ይቅረጹትና ለሐኪም ያሳዩ፤ የደም ግፊቱም ይለካ። በሽታው መኖሩ የሚረጋገጠው ግን ሌሊቱን ትንፋሹንና ኦክስጅኑን በሚመዘግብ ምርመራ ነው። እስከዚያ በጎኑ ይተኛ፣ መኪናም አይንዳ።

የለገጣፎዋ፦ ወንድሜ ይህ በሽታ ተገኝቶበት በጭንብል አየር የሚነፋ መሣሪያ ታዘዘለት። መጀመሪያ ጭንብሉን እየወረወረ አስቸገረን፤ ከለመደው ወዲህ ቀን ማንቀላፋቱ ቀርቷል፣ መብራት የጠፋ ሌሊት ግን ያው ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም።

የጀሞው፦ ታዲያ መኪና ካልነዳ ቤቱ በምን ይበላል?

ጠያቂ፦ አሁን ተኝቷል። አንዱን አሥራ አራት፣ ሌላውን ሃያ ሁለት ቆጠርኩ፤ ከዚያ በኃይል ስቦ ተነፈሰ። ቀርጬዋለሁ፣ ኪኒኑንም ደብቄዋለሁ። ጉዞውን እንዲተው ብነግረው ግን «ጭነቱ የሰው ነው» ብሎ እምቢ ብሎኛል፤ ረዳቱ መንጃ ፈቃድ ስላለው እየደወልኩለት ነው፣ እስካሁን አላነሣም።