የዘፈን ስንኝ በራስ ቃል ሲጻፍ፦ መዋስ ነው ወይስ መደበቅ?

ጠያቂዋ፣ ደብረ ብርሃን፦ የምረቃ ፎቶዬ ሥር ከአንድ የእናት ዘፈን የወሰድኩትን ስንኝ ሁለት ቃል ቀይሬ ጻፍኩ፦ «የእናቴን ብድር ዕድሜ ልኬን ብከፍል አልጨርስም»። ጓደኛዬ «ይሄ እኮ ዘፈኑ ራሱ ነው፤ ወይ እንዳለ ገልብጠሽ የዘፋኙን ስም ጻፊ፣ ወይ የራስሽን ተናገሪ» አለችኝ። የቱ ይሻላል?

የሸዋ ሮቢቱ፦ ምንም አላጠፋሽም። ሁለት ሦስት ቃል ከተቀየረ በሕግም የራስሽ ነው። ደግሞስ ለፎቶ ጽሑፍ ማን ይከስሻል?

መምህርቷ፣ ደብረ ብርሃን፦ ማንም እንደማይከሳት እስማማለሁ፤ ይህን ያህል ቃል ከቀየርክ የአንተ ነው የሚል ሕግ ግን የለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳቡን ሳይሆን ሐሳቡ የተነገረበትን መንገድ ነው። የእናት ውለታ አያልቅም የሚለው ሐሳብ የማንም አይደለም። የቃላቱ አሰካክ፣ ምስሉና ቤት አመታቱ ግን የገጣሚው ነው። «ውለታ»ን በ«ብድር» ብትተኪው አጥንቱ ያው ነው። ጮክ ብለሽ አንብቢው እህቴ፤ ዜማው አብሮ ከመጣ ከዘፈኑ ገና አልወጣሽም።

ጓደኛሽ ያለችውም ግማሹ ብቻ ልክ ነው። ስሙን ጠቅሶ አጭር ስንኝ መውሰድ አዋጁም ይፈቅዳል። ነገር ግን እኛ አገር ብዙ ጊዜ ግጥሙን የሚጽፈው ሌላ ነው፣ የሚዘፍነው ሌላ። የዘፋኙን ስም ብቻ ብትጽፊ ገጣሚው ይረሳል።

የራሳ ልጅ፦ እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል! ለወንድሜ ሠርግ የገጠምኩትን አንድ ፎቶ ቤት በትልቁ አሳትሞ በሩ ላይ ሰቀለው። ስሜን እንኳ አልጻፈም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

መምህርቷ፦ በደልህ እውነት ነው ወንድሜ፣ ግን ያ ቅጂ ነው። እሷ የምትጠይቀው በራስ ቃል ስለመጻፍ ነው።

ከመንዝ አንድ አባት፦ ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? በለቅሶ ላይ አልቃሿ ትናንት የሰማችውን ሙሾ የሟቹን ስም ቀይራ ታወርደዋለች። ሌባ ያላት የለም። ግጥም ከአፍ አፍ ሲዞር ነው የሚያምር። ቤቱን አፍርሳችሁ በደረቅ ቃል ብትጽፉት ምኑ ይጥማል?

መምህርቷ፦ አባባ፣ የመጨረሻው ነገርዎ ልክ ነው፤ ስንኝን አፍታቶ መተረክ ያደርቀዋል። ስለዚህ ስንኙን ማፍታታት የለባትም፣ መተው ነው ያለባት። ሙሾው ግን ሁሉም የአገሩ መሆኑን ያውቃል፤ አልቃሿም የኔ ነው አትልም።

እህቴ፣ ስልኩን አስቀምጪውና እስከ ነገ ዘፈኑን አትስሚ። ከዚያ «እናቴ ምን አደረገችልኝ?» ብለሽ አንድ የሚታይ ነገር ጥሪ። እናትሽ ምን ትሠራለች?

ጠያቂዋ፦ መንዝ ውስጥ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ባና ተሠርቶ ይሸጣል። ደብተር የምትገዛልኝ በዚያ ነበር።

መምህርቷ፦ በቃ፣ እሱን ራሱን ጻፊው።

ጠያቂዋ፣ በማግስቱ፦ ይህን ጻፍኩ፦ «እናቴ የፈተለችው ጠጉር ባና ሆነ። ባናው ደብተር ሆነ። ደብተሩ ዛሬ የለበስኩት ጋዋን ሆነ።»

መምህርቷ፦ አሁን ከዘፈኑ ጎን አስቀምጪው። «ብድር» የለም፣ «መክፈል» የለም፣ ዜማውም አይመጣም። ውለታው ግን ሳይጠራ አለ።

የሸዋ ሮቢቱ፦ አምሯል። ታዲያ የታላላቅ ሰዎች ጥቅስስ? እኔ የጋንዲን በራሴ አማርኛ አሳጥሬ ስሙን ከሥር እጽፋለሁ። ስም ካለ ስርቆት የለም።

መምህርቷ፦ ስርቆት የለም፤ ሌላ ችግር ግን አለ። «በዓለም ልታየው የምትሻውን ለውጥ ራስህ ሁን» የሚለውን ሁሉም የጋንዲ ነው ይላል። በዚህ አነጋገር መጻፉ ግን አልተገኘም። በ1913 እ.ኤ.አ. የጻፈው፣ ራሳችንን ብንለውጥ በዓለም ያለው ዝንባሌም ይለወጥ ነበር የሚል ነው። አንድ ሰው አሳጠረው፣ ሌላው የጥቅስ ምልክት ጨመረበት፣ አሁን እሱ ያላለው በስሙ ይዞራል። በራስህ ቃል ከጻፍክ የጥቅስ ምልክቱን አንሳ። ስሙን ከፈለግክ «ጋንዲ እንዳለው» ሳይሆን «ከጋንዲ ሐሳብ ተነስቼ» በል።

የሸዋ ሮቢቱ፦ ይህንን ተቀብያለሁ። ግን እሷስ «ከዘፈን ተነስቼ» ትበል?

መምህርቷ፦ አያስፈልጋትም፤ የቀረ የዘፈኑ ነገር የለም።

ከመንዝ አንድ አባት፦ እኔ አልስማማም። ዘፈኑን ባትሰማ ስለ እናቷ ለመጻፍ ባልተነሳች ነበር። የቀሰቀሰሽን ማመስገን ደግ ነው ልጄ።

ጠያቂዋ፦ አባባ፣ ከሥር «ያነሳሳኝ አንድ የእናት ዘፈን ነው» ብዬ ጨመርኩ። የገጣሚውን ስም እየፈለግኩ ነው፤ ሳገኘው እጽፈዋለሁ።

መምህርቷ፦ እኔ አሁንም አያስፈልግም ነው የምለው፤ ፎቶው ግን የአንቺ ነው።