በዐቢይ ጾም የእናቴን የስኳርና የደም ግፊት ኪኒን ሰዓት ስለማዛወር

ለሐኪሞችና ለፋርማሲ ባለሙያዎች፦ ደሴ የምትኖረው እናቴ ዐቢይ ጾምን ውኃ እንኳ ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ከዚያ በኋላ የምትበላው ዘጠኝ ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻ ነው። በፍስክ ጊዜ ጧት ከቁርስ ጋር ግሊቤንክላሚድ 5 ሚሊግራም፣ ጧትና ማታ ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም፣ ለግፊቷ ደግሞ ጧት አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ትወስዳለች።

ጾሙ ሲገባ የጧቱን ኪኒን እንደ ወትሮው ብትውጥም ምግብ ስላልተከተለው፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ንግግሯም ተምታታ። ስኳሯ 58 ስለነበር ማር በውኃ በጥብጠን ሰጠናትና ተሻላት። የነፍስ አባቷ እንድትበላ ፈቅደውላታል፤ እሷ ግን ጾሙን መተው እጅግ ይከብዳታል።

ያሰብነው ሜትፎርሚኑን ከሁለቱ ምግቦች ጋር፣ አምሎዲፒኑን ማታ፣ ግሊቤንክላሚዱን ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምግብ ጋር እንድትወስድ ነው። የሚያስጨንቀኝ የመጨረሻው ነው፤ ይህ ኪኒን እስከ 24 ሰዓት ሊሠራ ስለሚችል፣ ከማታው ምግብ እስከ ማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ረጅም ባዶ ጊዜ፣ በተለይም ሌሊት ተኝታ ሳለ፣ ስኳሯን ዳግም እንዳያወርደው እፈራለሁ። መጠኑ ይቀነስ ወይስ በሌላ መድኃኒት ይተካ? ሐኪሟ ጋር እስክንደርስ ግሊቤንክላሚዱን ብቻ ለጊዜው ብናቆምላት ጉዳት አለው? ስኳሯ ከ70 በታች ከወረደ ወዲያው እንድትገድፍ ተስማምታለች፤ ሌሊትስ በስንት ሰዓት ብንለካት ይሻላል?