ለድምፅ ብሎ ስልክ የሚገዛ ሰው ጃክ የሌለው ይግዛ?

ዘይነባ፣ ደሴ
ሁለት ስልክ መርጫለሁ፣ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አንዱ የኢርፎን ቀዳዳ አለው። ሌላው የለውም፤ ግን ካርቶኑ ላይ LDAC ይላል፣ ስፒከሩም ሁለት ነው። ካሜራ አይደለም የምፈልገው፣ ድምፅ ነው። መንዙማና የድሮ አምባሰል እሰማለሁ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ በትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር። የቱ ይሻለኛል?

ሰይድ፣ ኮምቦልቻ
ሁለተኛውን ያዢ። ተራው ብሉቱዝ ድምፁን የሚጨምቀው ኤስቢሲ በሚባል ኮዴክ፣ ማለትም የመጭመቂያ ዘዴ ነው፤ በተለምዶ ቢበዛ በሰከንድ 328 ኪሎቢት ያሳልፋል። ካርቶኑ ላይ ያየሽው ኤልዳክ ደግሞ ሌላ ኮዴክ ነው፣ 990 ይደርሳል፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ሽቦ እየተጠላለፈ፣ አንገቱ ላይ እየተቆረጠ ያሰለቻል። አምራቾቹም ጃኩን የተዉት አማራጭ ስላለ ነው።

አበባው፣ ደሴ
ሰይድ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ቁጥሩ የሚሠራው ሁለቱም ዕቃዎች ሲችሉት ነው። ዘይነባ፣ ከስልኩ በፊት ስፒከርሽ ምን እንደሚችል ማወቅ አለብን። ስልኩና ስፒከሩ ሲገናኙ ሁለቱም የሚያውቁትን አንድ ኮዴክ ይመርጣሉ። ስልኩ ኤልዳክ ቢችልና ስፒከሩ ባይችል ወደ ኤስቢሲ ይወርዳሉ፤ ሙዚቃ በብሉቱዝ የሚያስተላልፍ ዕቃ ሁሉ ኤስቢሲን የመቻል ግዴታ አለበትና። ለሰርግ ድምፅ ስሠራ እጄ ላይ ከገቡት ትንንሽ ስፒከሮች ኤልዳክ የሚችል አላጋጠመኝም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ላለው ጽሑፍ ከፍለሽ ቤት ስትገቢ የምትሰሚው ያንኑ ኤስቢሲ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሳትገዢ ማየት ትችያለሽ። ስፒከርሽን ይዘሽ ሱቁ ሂጂ። ስልኩ ላይ About phone ውስጥ ገብተሽ Build number የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኪው፤ Developer options ይከፈታል። አንዳንዱ ስልክ ላይ Build number በ Software information ሥር ነው። ስፒከሩን አገናኝተሽ ሙዚቃ እያስጫወትሽ Bluetooth Audio Codec የሚለውን ክፈቺ። የተመረጠው ስም እዚያ ይታያል። LDAC ደብዝዞ ካየሽው፣ ወይም ስትመርጪው ተመልሶ SBC ካለ፣ ስፒከሩ አይችለውም።

ሐዋ፣ ወልድያ
እኔ ሱቅ ውስጥ ሙዚቃ ስከፍት ብሉቱዙ ይቆራረጥብኛል፤ ወደ ጓዳ ዕቃ ላወጣ ስገባ ጭራሽ ይጠፋል። ጃክም ኤልዳክም ምን ያደርግላታል? ሁለት ስፒከር ያለውን ስልክ ገዝታ በራሱ ትስማ። ድምፁ ቤት ይሞላል።

አበባው፣ ደሴ
እትዬ ሐዋ፣ የእርስዎ የርቀት ጉዳይ ነው። ስልኩን በኪስዎ ይዘው ግድግዳ ሲያልፉ ምልክቱ ይደክማል። ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ ትተውት ቢገቡ አይቋረጥም። እሷ የጠየቀችው ደግሞ ጩኸት አይደለም። የስልክ ስፒከር፣ ሁለትም ሆነ አንድ፣ ከጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ ነገር ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት አይችልም። መንዙማ ላይ ድቤው ሲመታ የቆዳውን ጥፊ ትሰሚያለሽ፣ ሆዱን አትሰሚውም። ለዜና ይበቃል፣ ለዚህ ግን አይሆንም።

ሰይድ፣ ኮምቦልቻ
እሺ፣ ስፒከሩ አይቻለው። ኤልዳክ የሚችል ሄድፎን ትግዛ! ያኔ ምን ትላለህ?

አበባው፣ ደሴ
ያኔ ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን 990 ሁልጊዜ የምታገኘው አይደለም። ኤልዳክ 990፣ 660 እና 330 የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። ስልኩ ሲመጣ እንደ ምልክቱ ጥንካሬ ራሱ እንዲመርጥ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስልኩ ከኋላ ኪስ ሆኖ ሄድፎኑ ጆሮህ ላይ ሲሆን ሰውነትህ ምልክቱን ይከልላል። ሰው የበዛበት ቦታ፣ መነኻሪያ ለምሳሌ፣ የብዙ ሰው ብሉቱዝና ዋይፋይ በአንድ አየር ላይ ነው። 330 ላይ ሲወርድ ከጥሩ ኤስቢሲ የሚለይበት ነገር የለውም ብል ማጋነን አይሆንም። 990 ብለህ ብትቆልፈው ደግሞ አይወርድም፣ ይቆራረጣል። አንዳንድ ሄድፎን ላይ ደግሞ ከሁለት ስልክ ጋር በአንድ ጊዜ ሲያያዝ ኤልዳኩ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ፋይሉ ነው። ዘይነባ፣ የምትሰሚው ከየት የመጣ ነው?

ዘይነባ፣ ደሴ
አብዛኛው ከቴሌግራም። የድሮዎቹን ሙዚቃ ቤት ሚሞሪ ላይ ያስጫንኳቸው ናቸው።

አበባው፣ ደሴ
እንግዲህ የፋይሉን ክብደት እይው። አምስት ደቂቃ የሚሆን ዘፈን አምስት ሜጋባይት ገደማ ከሆነ 128 ኪሎቢት ነው፤ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ብለሽ አስቢው። 320 ቢሆን አሥራ ሁለት ሜጋባይት ይደርሳል። የ128 ኤምፒ3 ሲሠራ ተቆርጦ የወጣው ነገር ከዚያ በኋላ አይመለስም፤ በኤልዳክም፣ በሽቦም፣ በምንም።

መንዙማ ላይ የሚጎዳው ቦታ ጭብጨባው ነው። ብዙ ሰው አብሮ ሲያጨበጭብ እያንዳንዱ ምት ድንገት የሚጀምር ድምፅ ነው፤ ፋይል የሚያሳንስ ዘዴ ሁሉ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ይቸገራል። በተጨመቀው ፋይል ላይ ጭብጨባው እርስ በእርሱ ይቀላቀልና ዝናብ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል። አሁን ይህን ፋይል በብሉቱዝ ስትልኪው ስልኩ ፈትቶ እንደገና በኤስቢሲ ይጨምቀዋል። ሁለተኛው ጭመቃ በመጀመሪያው ላይ ይደረባል። በሽቦ ግን ስልኩ ከፈታው በኋላ ሌላ ጭመቃ የለም፤ በቀጥታ ወደ ጆሮሽ ነው። እኔ ጃኩን የምደግፍበት ምክንያት ይህ ነው።

በቴሌግራም በድምፅ መልእክት የተላከልሽ ካለ ደግሞ ተዪው። እሱ የተሠራው ለወሬ ነው። እንደ ፋይል እንዲልኩልሽ ጠይቂ።

እንድሪስ፣ ሐይቅ
ሌላም ነገር አለ። ብሉቱዝ ይዘገያል። እኔ ክራር እመታለሁ፣ ቀረጻ ከፍቼ አብሬ ልመታ ስል ወደ ኋላ ይቀራል። ለሙዚቀኛ ብሉቱዝ አይሆንም ባይ ነኝ።

አበባው፣ ደሴ
እንድሪስ፣ አብሮ ለመምታት ብቻ ከሆነ መዘግየቱ ሊያስቸግርህ አይገባም። ቀረጻው ጆሮህ ሲደርስ ነው የምትከተለው፤ ክራርህ ደግሞ ከእጅህ በአየር ነው የሚሰማህ። ምናልባት አንተ የራስህን ምት በስልኩ እየቀዳህ፣ እሱንም በብሉቱዝ ጆሮህ ውስጥ እየሰማህ ይሆን?

እንድሪስ፣ ሐይቅ
አዎ፣ ልቀዳ ስል ነው።

አበባው፣ ደሴ
ታዲያ መልሱ እሱ ነው። የራስህ ድምፅ ስልኩ ውስጥ ገብቶ፣ ተጨምቆ፣ ሄዶ፣ ተፈትቶ እስኪሰማህ ድረስ ሁለት ዐሥረኛ ሰከንድ ያህል ሊፈጅ ይችላል። ክር ነክተህ ድምፁ ሲደርስህ ሁለተኛውን ክር ነክተሃል። እዚህ ላይ ሽቦ የግድ ነው። በብሉቱዝ ኢርፎኑ ማይክ ከቀዳህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ማይኩ ሲከፈት ስልኩ ወደ ጥሪ አሠራር ይቀየራል፣ የምትሰማውም ሙዚቃ እንደ ስልክ ጥሪ ይቀጥናል። ብዙ ሰው «ኢርፎኔ ተበላሸ» የሚለው ያን ሰዓት ነው።

ተስፋዬ፣ ላሊበላ
ጃክ የሌለው ስልክ ነው ያለኝ፣ ሽቦም አልተውኩም። በቻርጀሩ ቀዳዳ የሚሰካ አጭር ማገናኛ ገዛሁ። ወንድሜ ስልክ ላይ ይሠራል፣ የኔ ላይ ድምፅ የለውም። ሻጩ «ስልክህ ነው» አለኝ። ስለዚህ ጃክ የሌለውን ለሚገዛ ሰው ይህን ንገሩልኝ።

ሰይድ፣ ኮምቦልቻ
ማገናኛው ፎርጂድ ነዋ።

አበባው፣ ደሴ
ላይሆን ይችላል። ሁለት ዓይነት ማገናኛ አለ። አንደኛው ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው፤ የሚሠራው ስልኩ ራሱ በቻርጀሩ ቀዳዳ የተፈታ ድምፅ የሚያወጣ ከሆነ ነው። ሌላው ውስጡ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ትንሽ ቺፕ አለው፤ ይህኛው በአብዛኛው ስልክ ላይ ይሠራል። ተስፋዬ፣ ያንተ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ካርቶኑ ላይ DAC የሚል ካለ ቺፕ ያለው ነው፤ ግን ጽሑፉን አምኖ ከመክፈል የራስን ስልክ ሰክቶ መስማት ይሻላል። ደህና ቺፕ ያለው ካገኘህ ከብዙ ስልኮች ጃክ የማያንስ ድምፅ ይሰጥሃል። ችግሩ ቻርጅ እያደረግህ መስማት አለመቻልህ ነው።

ሰይድ፣ ኮምቦልቻ
አየህ፣ ይኸው! ጃክ ባይኖርም መንገድ አለ። ደግሞ ጃክ ያለው ስልክ ሁሉ ጥሩ ድምፅ አለው ማለት አይደለም። እኔ በሄድፎኔ ኤስቢሲና ኤልዳክ ስቀያይር ልዩነቱ በግልጽ ይሰማኛል፣ በተለይ ማሲንቆው ላይ።

አበባው፣ ደሴ
ስለ ጃኩ እውነት ተናገርክ። ርካሽ ስልክ ላይ ጃኩ ሹክሹክታ ያለው አለ፤ ዘፈኑን አቁመህ ድምፁን ከፍ ስታደርግ «ሽሽ» ይላል። ስለ ልዩነቱ ግን አንድ ነገር ሞክር። አንተ ማያውን ሳታይ ሌላ ሰው ይቀያይርልህ፣ የድምፁም መጠን እኩል ይሁን። ኮዴክ ሲቀየር መጠኑ ትንሽ ከፍ ካለ ጆሮ «ጥራት» ብሎ ይቀበለዋል።

ሰይድ፣ ኮምቦልቻ
እሞክራለሁ። ማሲንቆው ላይ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ዘይነባ፣ ደሴ
ስፒከሬን አሁን አገላብጬ አየሁት። ከኋላው AUX የሚል ቀዳዳ አለው።

አበባው፣ ደሴ
እንግዲያስ ጃክ ያለውን ስልክ ውሰጂ። ከስልኩ ጃክ ወደ ስፒከሩ AUX አንድ አጭር ኬብል ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ፤ የብሉቱዙ ጭመቃ ከመንገዱ ይወጣል። አንዳንድ ስፒከር በ AUX የገባውንም ውስጡ መልሶ ዲጂታል ያደርገዋል፤ ቢሆንም እንደ ኤስቢሲ አይቆርጠውም። ስፒከሩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ስልኩም ቻርጅ ላይ ከሆነ «ኡኡኡ» የሚል ጉርምርምታ ልትሰሚ ትችያለሽ፤ አንዱን ከቻርጀር ንቀይው፣ ይጠፋል።

ሐዋ፣ ወልድያ
ስልኩንስ ሁለት ዓመት ቆይታ ስትቀይረው ጃክ ያለው ታገኛለች?

ሰይድ፣ ኮምቦልቻ
እኔም የምለው ይህንኑ ነው እትዬ።

አበባው፣ ደሴ
ከውዶቹ ውስጥ እየጠፋ ነው፣ ከርካሾቹና ከመካከለኞቹ ግን አሁንም አለ። ሲጠፋ ደግሞ ቺፕ ያለው ማገናኛ አለ። ዘይነባ፣ ሱቅ ስትገቢ የራስሽን ኢርፎን ይዘሽ ሂጂ፤ የምታውቂውን አንድ መንዙማ ጭብጨባው ካለበት ቦታ ክፈቺው፣ ከዚያ አቁመሽ «ሽሽ» የሚለውን አዳምጪ። መሰኪያውንም ትንሽ አዙሪው፤ አንዱ ጆሮ እየጠፋ ከመጣ ያንን ስልክ ተዪው።